«ምሬሃለሁ» ያለ አበዳሪ

በጎጃምና በሌላውም የአገራችን ክፍል ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ከአበዳሪው ጋር እጅ ለእጅ በሰንሰለት የሚቆራኝበት ዘመን ነበር። ተበዳሪው ገበያ ሲወርድ አበዳሪው አብሮ ይወርዳል፤ ለልመና ሲወጣም አብሮ ይቆማል። ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። ሰንሰለቱ የሚፈታው ዕዳው ሲከፈል፣ ዋስ ሲገኝ ወይም አበዳሪው በሽማግሌ ተለምኖ «ምሬሃለሁ» ሲል ነበር።

በዚያ ዘመን ቃልን የሚያስረው ሦስት ነገር ነበር። አንደኛው መሐላ ነው፤ ሰው በንጉሥ ስም፣ «እገሌ ይሙት» ብሎ ይምላል። ሁለተኛው ዋስ ነው፤ ያለ ዋስ የተሰጠ ቃል ግማሽ ቃል ነበር። ሦስተኛው በአደባባይ መነገሩ ነው፤ የሰማ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። ከግብፅ መጥቶ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም ለሊቃውንቱና ለነገሥታቱ ችሎት ብድርንና አራጣን የሚመለከት ሥርዓት ሰጥቶ ነበር። ግን ከእነዚህ በአንዱም ዘንድ «አበዳሪው ዕዳውን ሲምር በምትኩ ምን አገኘ?» የሚል ጥያቄ የምሕረቱን ዋጋ የሚወስን አልነበረም። «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚል ሕዝብ ቃሉን የሚመዝነው በክብር እንጂ በተቀበለው ዋጋ አይደለም።

በዚያው ዘመን እንግሊዞች ሌላ መንገድ ይዘው ነበር። በእነርሱ ሕግ ቃል ብቻውን አያስርም። ቃል የሰጠው ሰው በምትኩ አንድ ነገር ማግኘት፣ ወይም ቃል የተሰጠው ሰው በምትኩ አንድ ነገር ማጣት አለበት። ይህን ምትክ ኮንሲደሬሽን ይሉታል፤ እኛ ለዚህ ጽሑፍ አጸፋ እንበለው። ሻጭ በቅሎውን ይሰጣል፣ ገዢ ብሩን ይሰጣል፤ አንዱ ለሌላው አጸፋ ነውና ውሉ ይጸናል። ያለ አጸፋ የተሰጠ ቃል ግን፣ በማኅተም የታሸገ ልዩ ሰነድ ካልሆነ በስተቀር፣ በችሎት ፊት ባዶ ነው። ከዚህ ሐሳብ የዕዳን ነገር የሚያናጋ ውጤት ወጣ።

ነገሩ በግልጽ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ1602 ነው። ፒነል የተባለ አበዳሪ ኮል በተባለ ተበዳሪ ላይ 8 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ ዕዳ ነበረው፤ መክፈያው ቀን ኅዳር 11 ቀን 1600 ነበር። ኮል ከቀኑ በፊት፣ በጥቅምት መጀመሪያ፣ ከ5 ፓውንድ ጥቂት የሚበልጥ ከፈለ፤ ፒነልም ይበቃኛል ብሎ ተቀበለ ተባለ። በኋላ ግን ሙሉውን ጠየቀ። ነገሩን የመዘገበው፣ በኋላ ታላቅ ዳኛ የሆነው ኤድዋርድ ኩክ ደንቡን እንዲህ አስቀመጠው። የመክፈያው ቀን ከደረሰ በኋላ ከዕዳው ያነሰ ገንዘብ መክፈል ሙሉውን ዕዳ ሊያጠፋ አይችልም፤ ምክንያቱም ተበዳሪው አስቀድሞ ካለበት ዕዳ ውጭ የሰጠው አዲስ ነገር የለም። ነገር ግን ተበዳሪው ፈረስ፣ ጭልፊት ወይም ካባ ቢሰጥ፣ አበዳሪውም ቢቀበል፣ ዕዳው ይጠፋል፤ ለአበዳሪው ከገንዘቡ የበለጠ ይጠቅመው ይሆናልና ዳኛ ዋጋውን አይመረምርም። ቀኑ ሳይደርስ ወይም በሌላ ቦታ መክፈልም እንዲሁ አዲስ ነገር ነው። ኮል ቀድሞ ከፍሎ ስለ ነበር ሊረታ ይገባው ነበር፤ የተሸነፈው መልሱን በትክክል ባለማቅረቡ ነው። ደንቡ ግን ከእርሱ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ኖረ።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ወደ ሌላው ወገን ዞረ። ቀደም ሲል ስለ ተደረገ ውለታ «እከፍላለሁ» ማለትስ ያስራል? በ18ኛው መቶ ዘመን ሎርድ ማንስፊልድ የተባለው ዋና ዳኛ የሕሊና ግዴታ ራሱ አጸፋ ይሆናል የሚል አቋም ነበረው፤ ሐቀኛ ሰው መክፈል የሚገባውን እከፍላለሁ ካለ ይታሰርበት አለ። ይህ አቋም እ.ኤ.አ. በ1840 በኢስትውድና በኬንየን ክስ ተሻረ። ኢስትውድ አባቷ የሞተባትን ልጅ፣ የሣራን፣ አደራ የተቀበለ ሞግዚት ነበር። ልጅቱን ለማሳደግ፣ ለማስተማርና ርስቷን ለማሻሻል 140 ፓውንድ በስሙ ተበደረ። ሣራ ለአካለ መጠን ስትደርስ ዕዳውን እከፍላለሁ አለች፣ የአንድ ዓመት ወለድም ከፈለች። ኬንየንን ስታገባ ባልዋም እኔ እከፍላለሁ ብሎ ቃል ገባ። ሳይከፍል ሲቀር ኢስትውድ ከሰሰ፤ ተሸነፈም። ዋና ዳኛው ሎርድ ዴንማን፣ ኢስትውድ ገንዘቡን ያወጣው ባል ቃል ከመግባቱ ከብዙ ጊዜ በፊት ነው፤ ያለፈ ውለታ ለዛሬ ቃል አጸፋ አይሆንም ብለው ወሰኑ። የሕሊና ግዴታ ሁሉ ውል ያደርጋል ከተባለማ አጸፋ የሚባለው መመዘኛ ትርጉም ያጣል ነው ነገሩ። ልጅ ያሳደገ ሰው ባዶ እጁን ከችሎት ወጣ።

ከሁሉ የሚታወቀው ክስ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1875 ጁሊያ ቢር የተባለች ሴት ዶክተር ጆን ፎክስ በተባለ ሰው ላይ 2,090 ፓውንድ ከ19 ሽልንግ አስፈረደች። ዶክተሩ በአንዴ መክፈል አልቻለም፤ ጊዜ ስጪኝ አለ። ታኅሣሥ 21 ቀን 1876 ሁለቱ በጽሑፍ ተስማሙ። ፎክስ 500 ፓውንድ ወዲያው ይከፍላል፤ ከዚያ በየዓመቱ ሐምሌ 1 እና ጥር 1 ቀን 150፣ 150 ፓውንድ እየሰጠ ዕዳውን ይጨርሳል። ቢር ደግሞ በፍርዱ ላይ ምንም ዓይነት እርምጃ አትወስድም። በወረቀቱ ላይ ስለ ወለድ አንድ ቃል አልሰፈረም።

ፎክስ ቃሉን ጠበቀ። አምስት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ እየቆጠረ የመጨረሻዋን ሳንቲም ከፈለ። ያን ጊዜ ቢር ተመልሳ መጣች። በእንግሊዝ ሕግ የተፈረደ ዕዳ ከፍርዱ ቀን ጀምሮ በዓመት 4 በመቶ ወለድ ይወልድ ነበር፤ ወለዱም ተጠራቅሞ ነበር። ይከፈለኝ አለች። የመጀመሪያው ችሎት ለፎክስ ፈረደ፣ ይግባኝ ሰሚው ለቢር ገለበጠው፣ ነገሩም የመጨረሻው ችሎት ወደ ሆነው የጌቶች ምክር ቤት ወጣ።

ግንቦት 16 ቀን 1884 የተሰጠው ፍርድ ለቢር ነበር። ሎርድ ሴልቦርን ምክንያቱን ቀለል አድርገው አስቀመጡት። ፎክስ የከፈለው ገንዘብ ሁሉ ቀድሞውንም የሚከፍለው ዕዳው ነበር። ታዲያ ቢር በፍርዱ ላይ እርምጃ አልወስድም ስትል በምትኩ ምን አገኘች? ምንም። አጸፋ የሌለው ቃል ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ፊርማዋ ቢኖርም አያስራትም። ከዳኞቹ አንዱ ሎርድ ብላክበርን ግን ልባቸው አልተቀበለውም። ነጋዴም ሆነ ባለ እጅ በየቀኑ በሚሠራው ሥራ ተበዳሪው ሙሉውን እስኪያመጣ ከመጠበቅ ከፊሉን ዛሬ መቀበል እንደሚሻለው ያውቃል የሚል ሐሳብ ነበራቸው። የተቃውሞ ፍርድ ለመጻፍ አስበው ነበር፤ ባልደረቦቻቸውን ማሳመን እንደማይችሉ ሲያዩ ተዉት። እንዲህ ሆኖ በሕግ ትምህርት ቤት ሁሉ የሚነበበው ደንብ ጸና፦ ላለብህ ዕዳ ከፊሉን ከፍለህ ቀሪውን ተምረህ ብትወጣ፣ ያ ምሕረት አያድንህም።

በዚህ መካከል የእኛ አገር የራሷን ሕግ የምትጽፍበት ዘመን ደረሰ። በ1946 ዓ.ም. ገደማ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሕግ አርቃቂ ኮሚሽን አቋቋሙ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉን እንዲያረቅቅም ፈረንሳዊውን ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድን ጠሩ። ዳቪድ የዓለምን ሕጎች እያነጻጸረ የሚያጠና ምሁር ነበር፤ የእንግሊዝንም ሕግ በደንብ ያውቀዋል። ረቂቁን በፈረንሳይኛ ጻፈ፤ ከዚያ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። ሕጉ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታወጀ፤ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ።

ስለ ውል ሲጽፍ ዳቪድ ከፊቱ ሁለት መንገድ ነበረው። አንዱ የእንግሊዙ አጸፋ ነው። ሌላው በራሱ አገር ሕግ የተለመደው፣ ፈረንሳዮች ኮዝ የሚሉት፣ እያንዳንዱ ግዴታ ምክንያት ይኑረው የሚለው ነው። ሁለቱንም ተዋቸው። አንቀጽ 1678 ለውል መጽናት ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቃል። ተዋዋዮቹ ችሎታ ያላቸውና ጉድለት የሌለበት ፈቃድ የሰጡ ይሁኑ፤ የውሉ ጉዳይ በቂ ሆኖ የተወሰነ፣ የሚቻልና ሕጋዊ ይሁን፤ ሕግ የተለየ አጻጻፍ ካዘዘ በዚያ አጻጻፍ ይደረግ። «በምትኩ ምን አገኘህ?» የሚል አራተኛ ጥያቄ የለም።

ከዚህም በላይ አንቀጽ 1825 ቁራኛን የፈታውን ቃል በራሱ ቦታ አስቀመጠው። አበዳሪው ተበዳሪውን ነጻ እንዳደረገው ካስታወቀው፣ ተበዳሪውም ወዲያውኑ ምሕረቱን አልፈልግም ካላለ፣ ዕዳው ይቀራል። ፈረስ መስጠት፣ ካባ መስጠት አያስፈልግም። ዶክተር ፎክስ ውሉን ያደረገው በዚህ ሕግ ሥር ቢሆንና ወለዱ እንደ ተማረ በወረቀቱ ላይ በግልጽ ቢሰፍር ኖሮ ያ ሁሉ የፍርድ ቤት ደጅ መጥናት ባላስፈለገው ነበር።

ሆኖም ሕጉ አንዱን በር ሲከፍት ሌላ በር ላይ ዘበኛ አቆመ። በአንቀጽ 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ብቻ ነው። ከ500 ብር በላይ የሆነውን ብድር መመለስንም በሚመለከት ይኸው ደንብ ይሠራል። በ1953 ዓ.ም. 500 ብር ከባድ ገንዘብ ነበር፤ ገበሬው እርስ በርሱ የሚበዳደረው አብዛኛው ገንዘብ ከዚያ በታች ስለነበር ምስክር ይበቃው ነበር። ዛሬ 500 ብር የአንድ ቀን ገበያ ወጪ ነው። ቁጥሩ በቦታው ሲቆይ ብሩ ስለ ረከሰ፣ ሕጉ ለትልልቅ ብድሮች ያሰበው ጥብቅ ማስረጃ ዛሬ በየጎረቤቱ ብድር ላይ ወድቋል።

ይህ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ወደ መራዊ እንሂድ። መራዊ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የሜጫ ከተማ ናት። በአጠገቧ ያለው የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ገደማ መሬት እንዲያጠጣ የተሠራ ነው፤ በመስኖው ድንች፣ ሽንኩርትና ስንዴ ይመረታል። የመስኖ እርሻ ደግሞ ገንዘብ ከመከር በፊት ይጠይቃል፦ የድንች ዘር፣ ማዳበሪያ፣ የቀን ሠራተኛ። የሚከተለው ሕጉን ለማሳየት ያሰብኩት ምሳሌ ነው።

አንድ ገበሬ በመስከረም 2010 ዓ.ም. ከከተማው ነጋዴ 60,000 ብር ተበደረ፤ በመስከረም 2011 ሊመልስ ተስማማ። ወረቀት ተጻፈ፣ ሁለት ምስክሮች ባሉበት ተፈረመ። ወለድ አልተነሣም፤ ስላልተነሣም እስከ መክፈያው ቀን ድረስ ሕጉ ወለድ አያስከፍለውም። የዚያ ዓመት ድንች በሽታ መታው፤ የተረፈውም ዋጋ በወደቀበት ጊዜ ወጣ። ገበሬው ሽማግሌ ላከ። ነጋዴው በሽማግሌዎቹ ፊት «ስለ እናንተ ስል ግማሹን ምሬዋለሁ፤ ሠላሳ ሺሁን ይስጠኝ» አለ። ገበሬው በሬውን ሸጦ 30,000 ብር በእጁ ቆጥሮ ሰጠው። ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ቡና ተጠጣ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ። ወረቀት ግን አልተጻፈም፤ የድሮውም ውል ነጋዴው ሣጥን ውስጥ ቀረ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ሁለቱ በወሰን ተጣሉ እንበል። ነጋዴው ውሉን አውጥቶ 60,000 ብሩን ከሰሰ። በእንግሊዝ ዳኛ ፊት የነገሩ ፍሬ የሚሆነው የተማረው 30,000 ብር ነው፤ አጸፋ ስለሌለው ምሕረቱ አይጸናም፣ የተከፈለው ግን በሽማግሌዎቹ ቃል ሊረጋገጥ ይችላል። በእኛ ዳኛ ፊት ምሕረቱ በሕግ የተፈቀደ ነው፤ ችግሩ ግን በማስረጃው በኩል ይመጣል። የተከፈለው 30,000 ብር ከ500 ስለሚበልጥ ሽማግሌዎቹ ስለ ክፍያው የሚሰጡት ምስክርነት አይበቃም። ምሕረቱንም ቢሆን በተጻፈው ውል ላይ በሰው ምስክር ማፍረስ ከባድ ነው፤ የተፈረመ ሰነድ በፈራሚዎቹ መካከል የያዘው ቃል የታመነ ነውና። ስለዚህ ገበሬው የተማረውን ብቻ ሳይሆን በሬውን ሸጦ የከፈለውንም ደግሞ እንዲከፍል ሊፈረድበት ይችላል። የቀረለት ተስፋ ነጋዴው በችሎት ቆሞ «አዎ፣ ተቀብያለሁ፤ ምሬዋለሁም» ብሎ ማመኑ ነው። ሕጉ በዚህ ጊዜ ዞሮ ዞሮ በአንድ ሰው ሕሊና ላይ ይወድቃል።

ነገሩን ገልብጠን እንየው። ነጋዴው ምንም ሳይምር ዝም ብሎ ቢቆይስ? በአንቀጽ 1845 መሠረት የተለየ ጊዜ ያልተወሰነለት የውል ጥያቄ በ10 ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ በእኛ ምሳሌ ከመስከረም 2011 ተቆጥሮ መስከረም 2021 ላይ ማለት ነው። ገበሬው በ2018 ዓ.ም. «ዕዳዬን አውቃለሁ፣ እከፍላለሁ» ብሎ ቢጽፍ፣ ኢስትውድን የጣለው ጥያቄ እዚህ አይነሣም። ባለበት ዕዳ ላይ ድጋሚ የሰጠው ቃል በአንቀጽ 1851 መሠረት ይርጋውን ያቋርጠዋል፤ ከፊል ዕዳ መክፈልም ሆነ መያዣ መስጠት እንዲሁ። አዲስ 10 ዓመት ይጀምራል። በአፍ ብቻ ካለው ግን ነጋዴው ማስረጃ አጥቶ ሊቀር ይችላል። አሁን ወረቀት አለመጻፉ የጎዳው አበዳሪውን ነው። ይርጋው ቢያልፍም ዳኛ በራሱ አያነሣውም፤ ተከሳሹ ራሱ መጥቀስ አለበት።

አንድ ሌላ መሰናክልም አለ። ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ማየት የተሳነው ሰው ቢፈርም ወይም አውራ ጣቱን ቢያሳርፍ፣ በአንቀጽ 1728 መሠረት ፊርማው የሚያስረው ውል አዋዋይ፣ ሬጅስትራር ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ካረጋገጠው ነው። ሁለት ምስክር ፈርሞበታል ተብሎ በቤት የተቀመጠ የአውራ ጣት ውል አደጋ ላይ ያለ ወረቀት ነው።

እንግሊዞችም በዚያው ደንባቸው ላይ አልተኙም። እ.ኤ.አ. በ1946 ዳኛ ዴኒንግ፣ አበዳሪ ወይም አከራይ እምረዋለሁ ብሎ ሌላውን ሰው በቃሉ ላይ እንዲደገፍ ካደረገው በኋላ ባለፈው ጊዜ ላይ ዞሮ መጠየቅ የለበትም የሚል መንገድ ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሥራውን ለመጨረስ አስቀድሞ ለተዋዋለ ሠራተኛ ተጨማሪ ገንዘብ እሰጥሃለሁ ማለት ተግባራዊ ጥቅም ካስገኘ ይጸናል ተባለ። ይህ ግን ዕዳን ለመቀነስ በሚሰጥ ቃል ላይ ሊሠራ አልቻለም፤ የፎክስ ፍርድ ቆሞ ከለከለው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 16 ቀን 2018 የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከወር ኪራይ ዕዳ ጋር በተያያዘ ክስ ይህንኑ ጥያቄ አገኘ። ሎርድ ሰምፕሽን ደንቡ እንደገና ቢታይ የሚገባው እንደሚመስል ተናገሩ፤ ጉዳዩን ግን በሌላ ምክንያት ወስነው አለፉ። ዕለቱ የፎክስ ፍርድ የተሰጠበት 134ኛ ዓመት ነበር።

እንግሊዝ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ምሕረትን «ዋጋው የት አለ?» እያለች ስትጠይቅ ኖራለች። የእኛ ሕግ ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ የሚጠይቀው «ወረቀቱ የት አለ?» ብሎ ነው። የእኛ ጥያቄ ለሰው የቀረበ ነው፤ መልሱም በሽማግሌዎቹ እጅ አለ። የመራዊዎቹ ሽማግሌዎች ከምርቃቱ በፊት አንድ ቅጠል ወረቀት ቢያስመጡ ኖሮ የሚጻፈው ይህ ብቻ ነበር፦ «በመስከረም 2010 ዓ.ም. ባበደርኩት 60,000 ብር ላይ ዛሬ 30,000 ብር በእጄ ተቀብያለሁ። ቀሪውን 30,000 ብር ምሬዋለሁ። የቀድሞውን ውል መልሻለሁ።» ቀኑ፣ የነጋዴው ፊርማ፣ የሁለት ምስክር ፊርማ። ከዚያ ቡናው ይጠጣል።